አርቲኤክስ 3060 ሬይ ትሬሲንግ ይችላል ወይ? በሚሊሰከንድ እንቁጠረው

ጥያቄ፦ «አርቲኤክስ 3060 አለኝ፣ ባለ 12 ጊጋው። ፕሮሰሰሬ ኮር አይ5 10400ኤፍ ነው። ራም 16 ጊጋ፣ አንድ ስቲክ። ሞኒተሬ 1080ፒ፣ 144 ኸርዝ። ሳይበርፐንክ 2077 ላይ ሬይ ትሬሲንግ ሳላበራ የጌሙ ቤንችማርክ 66 ፍሬም ይሰጠኛል። ዲኤልኤስኤስ ዘግቼ Ray Tracing: Ultra ስመርጥ ወደ 26 ወረደ። ጓደኞቼ ይሄ ካርድ ለሬይ ትሬሲንግ አይሆንም፣ ዝጋውና ተጫወት ይሉኛል። እውነት አይሆንም? ወይስ ሸጬው 4060 ልግዛ?»

መልስ፦

ጓደኞችህ አንድ ነገር ላይ ትክክል ናቸው። ያ የመረጥከው Ultra፣ ያለ ዲኤልኤስኤስ፣ ለዚህ ካርድ አይሆንም። ካርዱ ራሱ ለሬይ ትሬሲንግ አይሆንም ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን ለመለየት መጀመሪያ የፍሬም ቁጥሩን ወደ ጎን እንተወውና ሰዓት እንቁጠር።

«40 ፍሬም አጣሁ» ስትል ምን ያህል እንዳጣህ ገና አልነገርከኝም። ከ100 ወደ 90 የወረደ ሰው 10 ፍሬም አጥቷል። ከ40 ወደ 30 የወረደም 10 ፍሬም አጥቷል። የመጀመሪያው ለእያንዳንዱ ፍሬም 1 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው የጨመረው። ሁለተኛው ከ8 ሚሊሰከንድ በላይ ጨምሯል። ካርዱ የሚከፍለው በሚሊሰከንድ ነው፣ ስለዚህ ሒሳቡም በሚሊሰከንድ ይሁን። አሠራሩ ቀላል ነው፣ 1000ን ለፍሬሙ ማካፈል ብቻ። ያንተ ቁጥሮች እንዲህ ይሆናሉ፦

```
1000 / 66 = 15.2 ms
1000 / 26 = 38.5 ms
38.5 - 15.2 = 23.3 ms
```

አሁን ጉዳዩ ግልጽ ሆነ። ጌሙ ለራሱ 15 ሚሊሰከንድ ይፈልጋል። ሬይ ትሬሲንጉ ደግሞ ተጨማሪ 23 ጠየቀህ። ግብህ 45 ፍሬም ከሆነ ለአንድ ፍሬም ያለህ ጠቅላላ ጊዜ 22 ሚሊሰከንድ ነው። ከዚያ ላይ 15ቱ ለጌሙ ሲቀነስ በኪስህ የሚቀረው 7 ነው። የ23 ዕቃ በ7 አይገዛም። ያም ሆኖ ሁለት መንገድ አለህ፦ ዋጋውን ማስቀነስ፣ ወይም ከዕቃው ውስጥ የምትፈልገውን ብቻ መርጦ መግዛት። ለዚህ ካርድ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ከዋጋው ልጀምር። ሬይ ትሬሲንግ ሲበራ ካርዱ ለእያንዳንዱ ፒክስል ጨረር ይልካል። ጨረሩ ምን ላይ እንዳረፈ ለማወቅ በከተማው ዕቃዎች መካከል ይፈልጋል። ፍለጋው ፈጣን እንዲሆን ዕቃዎቹ ሁሉ በሣጥን ውስጥ ሣጥን ሆነው ይደረደራሉ። ጨረሩ ትልቁን ሣጥን ካልነካው ውስጡ ያለውን ሁሉ ይዘለዋል። በአርቲኤክስ ካርዶች ላይ ይህን ፍለጋ የሚሠራ ለብቻው የተመደበ ክፍል አለ። ጨረሮቹ ጥቂት ስለሆኑ የሚወጣው ምስል ነጠብጣብ የበዛበት ነው፣ እሱን የሚያጸዳ ሌላ ሥራ ከኋላ ይከተላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በል። የጨረሩ ሥራና የማጽዳቱ ሥራ ከፒክስል ብዛት ጋር አብሮ ይቀንሳል። የሣጥን ድርደራው ግን አይቀንስም። ሰው ሲራመድ፣ መኪና ሲያልፍ፣ ሣጥኖቹ በየፍሬሙ እንደገና መስተካከል አለባቸው። ሪዞሉሽን ብታወርድም ባታወርድም ከተማው ያው ከተማ ነው። ከድርደራው ደግሞ ከፊሉ ሸክም በፕሮሰሰርህ ላይ ይወድቃል። ወደዚህ ኋላ እመለሳለሁ፣ ምክንያቱም ያንተ ማሽን ላይ የምፈራው ይህንን ነው።

ዲኤልኤስኤስ ዋጋ የሚቀንሰው በፒክስሉ በኩል ነው። 1080ፒ ማለት ወደ 2.07 ሚሊዮን ፒክስል ነው። DLSS Quality ስታደርገው ካርዱ በውስጥ የሚሠራው በ1280 በ720 ነው፣ ማለትም በ0.92 ሚሊዮን ፒክስል። ከነበረው 44 በመቶ። ሁሉም ሥራ በዚህ ልክ ቢቀንስ 38.5ቱ ወደ 17 ይወርድ ነበር። ግን የማይቀንስ ሥራ እንዳለ አይተናል። ምስሉን መልሶ ማሳደጉም የራሱን ሰዓት ይወስዳል። ስለዚህ በUltra እና በDLSS Quality ከ22 እስከ 26 ሚሊሰከንድ አካባቢ ታርፋለህ ብዬ እገምታለሁ፣ ይህም ከ38 እስከ 45 ፍሬም ነው። መጫወት ይቻላል። ይሁን እንጂ ይህ አማካይ ነው። ሰው በሚበዛበት ሰፈር ከዚህም ይወርዳል፣ ያኔ እጅህ ላይ ይከብድሃል።

«ታዲያ ወደ DLSS Performance ልውረድ?» ትል ይሆናል። በ1080ፒ ሞኒተር ላይ አልመክርህም። ውስጡ 960 በ540 ይሆናል። ሬይ ትሬሲንጉ የሚያመጣው ጥሩ ነገር ነጸብራቅና ጥላ ነው፣ በዚህ ሪዞሉሽን መጀመሪያ የሚጠፋውም እሱ ነው። ነጸብራቁ ይደበዝዛል፣ ራቅ ያለ የሽቦ አጥር ይርገበገባል። ያወጣኸውን ሚሊሰከንድ መልሰህ ታበላሸዋለህ ማለት ነው። ለ1080ፒ Quality ወለሉ ነው ብለህ ያዝ። ከ2025 ጥር ወዲህ ጌሙ CNN እና Transformer የሚባሉ ሁለት የዲኤልኤስኤስ ሞዴሎች ያስመርጣል። Transformer ምስሉን ይበልጥ ያጠራል፣ ያንተን ትውልድ ካርድ ላይ ግን ትንሽ ተጨማሪ ሰዓት ይወስዳል። ሁለቱንም ለክተህ ምረጥ።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። Ultra የሚለው ስም የብዙ ነገር ጥቅል ነው። ውስጡን ስትከፍተው Ray-Traced Reflections፣ Ray-Traced Sun Shadows፣ Ray-Traced Local Shadows እና Ray-Traced Lighting ታገኛለህ። ዋጋቸው አይመሳሰልም፣ ለዓይን የሚሰጡትም አይመሳሰልም። ከባዶቹ ነጸብራቁና ብርሃኑ ናቸው። ጥላዎቹ ቀለል ይላሉ።

ለእኔ በዚህ ጌም ዋጋውን የሚያወጣው ነጸብራቁ ነው። ለምን እንደምል ራስህ እንድታየው ልንገርህ። ዝናብ ሲዘንብ፣ በማታ፣ ጂግ-ጂግ ስትሪት ግባና ትልቅ ኩሬ ፊት ቁም። Reflectionsን ዝጋው። ኩሬው ውስጥ የኒዮን ታፔላው ይታይሃል፣ ያምራልም። አሁን ካሜራውን ቀስ እያልክ ወደ መሬት አዘንብለው። ታፔላው ከስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ሲወጣ ኩሬው ውስጥ ያለው ምስሉም አብሮ ይጠፋል። ውኃው ግራጫ ይሆናል። ምክንያቱም የተለመደው ዘዴ የሚያንጸባርቀው ስክሪኑ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ስክሪኑ ላይ የሌለ ነገር ለሱ የለም። Reflectionsን አብራና ያንኑ ድገመው። ታፔላው ከስክሪን ቢወጣም ኩሬው ውስጥ ይቆያል። ከኋላህ ያለው ፎቅ እንኳን ይታያል። ይህንን አንዴ ያየ ሰው በየመንገዱ ያስተውለዋል።

ብርሃኑም ቆንጆ ነው፣ በተለይ ቤት ውስጥ። ግን የጌሙ የተለመደ ብርሃን አሠሪዎቹ በእጃቸው ያስተካከሉት ስለሆነ መጥፎ አይደለም። ለውጡ ጎን ለጎን ስታነጻጽር ነው የሚታየው። እየሮጥክ፣ እየተኮስክ አታየውም። የፀሐይ ጥላ ደግሞ ቀን ቀን ብቻ ነው የሚጠቅምህ። ከ7 ሚሊሰከንድ በጀት ላይ ቅድሚያ የምሰጠው ለነጸብራቁ ነው።

አሁን መለካት። ለአንድ ሰዓት ጊዜ ስጠው። VSync ዝጋ፣ የፍሬም ገደብ ካለ አንሳ። DLSS Quality አድርግና አራቱንም የሬይ ትሬሲንግ ምርጫዎች ዝጋ። ቤንችማርኩን ሁለት ጊዜ አስኪደው፣ የመጀመሪያውን ውጤት ጣለው፣ ሁለተኛውን ወደ ሚሊሰከንድ ቀይረህ ጻፈው። ይህ መነሻህ ነው። ቀጥሎ Reflectionsን ብቻ አብራና ድገም። ልዩነቱ የነጸብራቁ ዋጋ ነው። ከዚያ ዝጋውና Local Shadowsን ብቻ አብራ። እንዲህ እያልክ አራቱንም አዳርስ። በመጨረሻ እጅህ ላይ የራስህ ካርድ የዋጋ ዝርዝር ይኖራል። ማንም ከኢንተርኔት የለቀቀው ቁጥር ይህንን አይተካም፣ ምክንያቱም የሌላ ሰው ፕሮሰሰርና ራም ያንተ አይደለም። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ከላይ ያለውን ጥቅል ስም ስትቀይር ሌሎች ምርጫዎችም ሳታውቅ ሊቀየሩ ይችላሉ፣ ዲኤልኤስኤስም ጭምር። ቤንችማርኩ ሲያልቅ የሚያሳይህን የሴቲንግ ዝርዝር አንብበህ አረጋግጥ።

የሁሉም ድምር ትክክል ላይመጣ ይችላል። ሣጥኖቹን የመደርደሩ ሥራ አንዱን ስታበራም አራቱንም ስታበራ ይሠራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምርጫ ሁልጊዜ ውድ ይመስላል፣ ሁለተኛው ሲጨመር ከጠበቅከው ይረክሳል። ለዚህ ነው Reflections ካበራህ በኋላ Local Shadowsን ጨምረህ መሞከር የሚያዋጣው።

መለኪያው ላይ አንድ ነገር ጨምር። የጌሙ ቤንችማርክ አንድ ደቂቃ ያህል ነው፣ የተረጋጋ መንገድ ነው የሚያሳይህ። አማካዩ 50 ሆኖም ጨዋታው ሊቆራረጥ ይችላል። CapFrameX የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። እሱን አብርተህ ጌሙ ውስጥ ራስህ ለሁለት ደቂቃ ተራመድ። ገበያ ውስጥ ግባ፣ ከዚያ መኪና ይዘህ ንዳ። የምታየው 1% low የሚለውን ቁጥር ነው። ይህ ከሁሉ የባሱት ፍሬሞች ስንት ላይ እንዳሉ ይነግርሃል። አማካይህ 48 ሆኖ 1% low 38 ከሆነ ግሩም ነው። አማካይህ 55 ሆኖ 1% low 22 ከሆነ ግን አንድ ነገር ተበላሽቷል፣ ሬይ ትሬሲንግን ብትቀንስም ላይስተካከል ይችላል።

ያ የሚበላሸው ነገር ብዙ ጊዜ ፕሮሰሰሩ ነው። አሁን ወደ ፈራሁት ነገር መጣሁ። አንድ ስቲክ ራም ማለት ፕሮሰሰሩ ከራሙ ጋር በአንድ መንገድ ብቻ ይነጋገራል ማለት ነው። ሁለት ስቲክ ቢሆን መንገዱ ሁለት ይሆን ነበር። ሬይ ትሬሲንግ ሲዘጋ ይህ ብዙም አይሰማህ ይሆናል። ሲበራ ግን ለፕሮሰሰሩ ተጨማሪ ሥራ ይመጣል፣ እሱም ከራም ብዙ ያነብባል።

ይህን ለማወቅ ዘዴ አለ። የምትፈልገውን ሬይ ትሬሲንግ አብራና ዲኤልኤስኤስን ለጊዜው ወደ Ultra Performance አውርደው። ውስጡ 640 በ360 ይሆናል። ምስሉ አስቀያሚ ነው፣ አትጨነቅ፣ ልትጫወትበት አይደለም። ካርዱ ሥራው ስለቀለለለት አሁን የምታየው ፍሬም በግምት የፕሮሰሰርህ ጣሪያ ነው። ገበያ መሃል ቆመህ 48 ካለህ፣ ምንም ካርድ ብትገዛ እዚያ ቦታ ከ48 አታልፍም። በኤምኤስአይ አፍተርበርነር ብታየውም ያው ነው። በመደበኛ ሴቲንግህ የካርዱ አጠቃቀም 97 እና 98 በመቶ ከሆነ ገደቡ ካርዱ ነው። 70 በመቶ ላይ እየዋዠቀ ፍሬሙ ዝቅ ካለ ግን ካርዱ ፕሮሰሰሩን እየጠበቀ ነው። ያኔ Crowd Density የሚለውን ዝቅ አድርገው። ከሬይ ትሬሲንጉ ይልቅ እሱ ይረዳሃል። ጌሙ ላይ በኋላ የተጨመረው ዶግታውን የተባለ ሰፈር ላይ ይህ ይበልጥ ይታያል፣ ስለዚህ ፈተናውን እዚያም ድገመው።

በሚሞሪ በኩል ያንተ ካርድ ደህና ነው። ሬይ ትሬሲንግ የሣጥኖቹን ድርደራ የካርዱ ሚሞሪ ላይ ያስቀምጣል። 8 ጊጋ ያላቸው ካርዶች ላይ ከከባድ ቴክስቸር ጋር ሲደመር ሞልቶ ይፈሳል። ምልክቱ ይታወቃል፦ መጀመሪያ 50 ፍሬም ይሰጥሃል፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ 20 ይሆናል፣ ጌሙን ዘግተህ ስትከፍት እንደገና 50። እኔ ራሴ ከአንድ ሱቅ ገዝቼ ባስገባሁት ባለ 8 ጊጋ ካርድ ይህንን ለሳምንት ሙቀት ነው እያልኩ ፋን ስቀይር ነበር። ቴክስቸሩን አንድ ደረጃ ሳወርደው ቆመ። አንተ ጋ 12 ጊጋ ስላለ ቴክስቸሩን High ላይ ተወው። ግን ካርዱን ሁለተኛ እጅ ከሆነ የገዛኸው GPU-Z ክፈትና Memory Size 12288 MB፣ Bus Width 192 bit እንደሚል እይ። በዚሁ 3060 በሚል ስም የወጣ ባለ 8 ጊጋ፣ ባለ 128 ቢት ካርድም አለ፣ እሱ ደካማ ነው።

ቁጥሮቹን ካገኘህ በኋላ አጨዋወትህን በዚህ መልክ አስተካክል። በDLSS Quality፣ Reflections ብቻ በርቶ፣ 50 ፍሬም አካባቢ ታገኛለህ ብዬ እጠብቃለሁ። ከ45 በላይ ከሆነ Local Shadowsን ጨምርለት። ከዚያም ከ45 በላይ ከቆየ Lightingን Medium ላይ ሞክር። ወደ 40 ከወረደብህ ሞኒተርህን ወደ 120 ኸርዝ አድርገውና ጌሙን 40 ላይ ገድበው። 120 ለ40 ሲካፈል ልክ 3 ስለሚመጣ እያንዳንዱ ፍሬም ስክሪኑ ላይ እኩል ጊዜ ይቆያል። እኩል የሚመጣ 40፣ ከ38 እስከ 55 ከሚዘል ፍሬም ይሻላል። 60 ኸርዝ ብቻ ያለው ሰው ይህ ዕድል የለውም፣ እሱ ወይ 30 ወይ 60 ነው ምርጫው።

የፍሬም ጀነሬሽን ነገርም እንዳያታልልህ። የኤንቪዲያው ባንተ ካርድ ላይ አይሠራም። የኤኤምዲው ኤፍኤስአር 3 ግን በጌሙ ውስጥ አለ፣ ይሠራልም። በሁለት ፍሬም መካከል ሌላ ፍሬም ፈጥሮ ያስገባል። ቁጥሩ 26 ከነበረ 45 ሊያሳይህ ይችላል። ግን ማውሱን ስታንቀሳቅስ ጌሙ የሚሰማህ አሁንም በ26ቱ ፍጥነት ነው፣ እንዲያውም ትንሽ ዘግይቶ። መጀመሪያ ራሱ 50 ከደረሰ በኋላ ለማለስለስ ይጠቅማል። 26ን ለማዳን አይሆንም። Path Tracing ላይ ደግሞ ጊዜህን አታጥፋ። እሱ ከሁሉም የከበደ ነው፣ ለዚህ ካርድ አልተሠራም።

ሌላ ጌም ስትከፍት ይህን ሁሉ ከዜሮ ድገመው፣ ምክንያቱም ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሜትሮ ኤግዞደስ በ2021 የወጣው ኢንሃንስድ እትም ያለ ሬይ ትሬሲንግ ካርድ ጭራሽ አይነሳም። ግን ከመጀመሪያው ለዚሁ ተብሎ ስለተሠራ ባንተ ካርድ በደንብ ይሄዳል። የኤኤምዲ አርኤክስ 6600 ወይም 6700 ያለው አንባቢ ካለ ደግሞ መንገዱ ያው ነው፣ ግን ከሣጥን ወደ ሣጥን የሚደረገውን ፍለጋ እነዚያ ካርዶች በአብዛኛው በተለመደው ክፍላቸው ስለሚሠሩት ዋጋው ይበልጥ ይከብድባቸዋል። ከጥላ ቢጀምሩ ይሻላቸዋል።

የቀረው 4060 ነው። ኤንቪዲያ ራሱ ካርዱን ሲያወጣ ከ3060 በ20 በመቶ አካባቢ እንደሚፈጥን ነበር የተናገረው። ያንተ 26 በ20 በመቶ ሲያድግ 31 ነው። ከ38.5 ሚሊሰከንድ ወደ 32 ወረድክ ማለት ነው፣ አሁንም ከ22ቱ በጣም ርቀሃል። በዚያ ላይ 12 ጊጋህን በ8 ትለውጣለህ። ካርዱ በ8 መስመር ብቻ ነው ከማዘርቦርዱ የሚገናኘው፣ ያንተ ፕሮሰሰር ደግሞ የሚደግፈው ፒሲአይ 3ን ነው። ሚሞሪው ሞልቶ ወደ ራም ሲፈስ ቅጣቱ እጥፍ ይሆንብሃል። የራሱን ፍሬም ጀነሬሽን ታገኛለህ፣ እሱም ሚሞሪ ይበላል። ካርዱን አትሽጠው። ካለህ ራም ጋር አንድ ዓይነት የሆነ፣ ፍጥነቱም የሚገጥም ሌላ ባለ 16 ጊጋ ስቲክ ፈልግ። ሁለቱ ስቲኮች በሁለተኛውና በአራተኛው ቀዳዳ እንዲሆኑ፣ ማዘርቦርዱ ላይ እንደተጻፈው አስገባውና ገበያ መሃል ቆመህ ያንን የ640 በ360 ፈተና እንደገና ሥራው።